ባሩድ፣ ግንብ እና ምሽግ

ጥያቄ፦ «ስተረጉም ‹ባሩድ ግንብን ሻረው› ብዬ ጻፍኩ። አርታዒዬ ‹ግንብ›ን ‹ምሽግ› አለው። ሁለቱ አንድ ናቸው? ‹ባሩድ›ስ የራሳችን ቃል ነው?»

«ባሩድ» ከዐረብኛ የመጣ ነው። መጀመሪያ ግን የሚፈነዳው ዱቄት ስም አልነበረም። በ1248 የሞተው የእጽዋት ሊቅ ኢብን አል በይጣር ቃሉን የጻፈው ፖታሲየም ናይትሬት ለምንለው ጨው ነው። የግብፅ የጥንት ሐኪሞች ይህንኑ ጨው «የቻይና በረዶ» ይሉት እንደነበርም ነግሮናል። ጨው ከድኝና ከከሰል ጋር ተቀላቅሎ ዱቄት ሲሆን ስሙ አብሮት ተሻገረ።

ቻይኖች ዱቄቱን «ኹዎ ያው» ይሉታል፤ «የእሳት መድኃኒት» ማለት ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። የታኦ ሃይማኖት አልኬሚስቶች፣ ማዕድን እየቀላቀሉ የሚሞክሩ ሊቃውንት፣ የሚፈልጉት ዕድሜ የሚያረዝም መድኃኒት ነበር። በ9ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተጻፈ አንድ ጽሑፋቸው ድኝና ይህን ጨው ከማር ጋር ያሞቁ ሰዎች እጃቸውና ፊታቸው እንደተቃጠለ፣ ቤቱም እንደነደደ ያስጠነቅቃል። በ1044 ቅመሙ በጦር መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ አርታዒዎ። ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። «ግንብ» የ«ገነባ» ዘመድ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። የፋሲልን ግንብ ማንም «የፋሲል ምሽግ» አይለውም። «ምሽግ» ግን ከ«መሸገ» ነው። የመሸገ ሰው ዝቅ ይላል፣ ከአፈር ጀርባ ይሆናል።

ባሩድ ያመጣው ለውጥም ይኸው ነው። በ1494 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 8ኛ ጣሊያን ሲገባ መድፎቹ በመንኮራኩር ይጎተቱ፣ የብረት ጥይት ይተኩሱ ነበር። ረጅምና ቀጭን ግንብ ሥሩ ሲመታ በራሱ ክብደት ይናዳል። ቁመቱ መከታው ነበር፤ አሁን መጥፊያው ሆነ።

በ1500 ፍሎረንሶችና ፈረንሳዮች የጣሊያኗን ከተማ ፒሳን ከበቡ። መድፉ አሮጌውን ግንብ ናደው። ፒሳዎች ግን ከኋላው ጉድጓድ ቆፍረው፣ አፈሩን ቁልል አድርገው ነበር። ወታደሮቹ በፍርስራሹ በኩል ሲገቡ ከፊታቸው ጉድጓድና የአፈር ክምር ጠበቃቸው። ማለፍ አቃታቸው፤ ከበባውም ከሸፈ። አፈር እንደ ድንጋይ አይሰነጠቅም፤ ጥይቱን ይውጠዋል።

ጣሊያኖች ከዚያ በኋላ ግንቡን አሳጠሩት፣ አወፈሩት፣ ውስጡን በአፈር ሞሉት። ክቡ ማማም ቀረ፤ ከፊቱ የተጠጋን ጠላት ከጎን ሆኖ መምታት አይቻልምና። በቦታው እንደ ቀስት ጫፍ የሾለ ማዕዘን ወጣ፤ አንዱ ማዕዘን የሌላውን ግድግዳ ጎን ለጎን ይጠብቃል።

ስለዚህ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ልክ ነበር። ባሩድ የሻረው ግንብን ነው፤ የወለደው ደግሞ ምሽግን። ዛሬ ጋዜጣውም መጽሐፉም ሁለቱንም «ምሽግ» እንደሚል አውቃለሁ። ሕዝብ ከተናገረው ስሕተት ነው ማለት አልችልም። እኔ ግን ፒሳ ላይ የተናደውን «ምሽግ» ብዬ አልጽፍም።