ሉፐስ ላለበት ሰው ኤኪናሲያና ኤልደርቤሪ

«ሉፐስ አለብኝ፤ አዛቲዮፕሪን እወስዳለሁ። ለጉንፋን ኤኪናሲያ ወይም ኤልደርቤሪ ብወስድ ይጎዳኛል?»

ኤኪናሲያውን አይውሰዱ፤ ኤልደርቤሪውንም ሐኪምዎ ሳይፈቅዱ አይጀምሩ። በሉፐስ የሚያስቸግረው የሰውነት መከላከያ መድከሙ ሳይሆን የራስን አካል ማጥቃቱ ነው፤ አዛቲዮፕሪን የታዘዘልዎም ይህን ጥቃት ለማብረድ ስለሆነ፣ መከላከያውን የሚያነሳሳ ዕፅ የመድኃኒትዎን ሥራ ሊቃረን ይችላል።

አስቀድመው ጀምረው ከሆነ ዕፁን ያቁሙ እንጂ አዛቲዮፕሪኑን በራስዎ አያቋርጡ። አዲስ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ እብጠት ወይም አረፋ የሚበዛበት ሽንት ካዩ ሳይቆዩ ይመርመሩ። ትኩሳት ካለዎትማ ጉንፋን ነው ብለው አይጠብቁ፤ መድኃኒቱ ኢንፌክሽንን የመቋቋም አቅምን ስለሚቀንስ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት።

ከደረሰብኝ አንድ ልጨምር፦ እኔም ሉፐስ አለብኝ፤ «መከላከያ የሚያጠነክር» የተባለ ድብልቅ ገዝቼ ጀርባውን ሳነብ አልፋልፋ አገኘሁበት። አልፋልፋ የተባለው ተክል በያዘው ካናቫኒን በተባለ ንጥረ ነገር የተነሳ ሉፐስን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሳልከፍተው መለስኩት።