የሁለት ወር ውዝፍ ኪራይ እንዴት ልጠይቅ?

«ቱሉ ዲምቱ ያለውን ኮንዶሚኒየሜን የተከራየው ሰው የታኅሣሥንና የጥርን ኪራይ፣ 16,000 ብር፣ አልከፈለኝም። ሥራ ቀይሮ ነው። የቤቱን የባንክ ብድር የምከፍለው ከዚሁ ነው። ሳልጣላው ምን ብዬ ልጻፍለት?»

እህቴ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲከፍል አይጠይቁት፤ ከእፍረት የተነሣ የማይችለውን ቃል ይገባና መልሶ ይሰወርብዎታል። ውዝፉን ለአራት ይክፈሉት። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍለታለሁ፦

«ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? የታኅሣሥና የጥር ኪራይ፣ በድምሩ 16,000 ብር፣ አልደረሰኝም። ችግርዎን እረዳለሁ፤ እኔም የባንክ ዕዳ አለብኝ። ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ወር በገባ በ5ኛው ቀን፣ ከመደበኛው 8,000 ብር ጋር ከውዝፉ 4,000 ብር እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ። ቀኑ ወይም መጠኑ ካልተመቸዎት የሚችሉትን እስከ ዓርብ ያሳውቁኝ። ከተስማማን በኋላ አንዱ ክፍያ ቢቋረጥ ግን ቀሪውን በሙሉ በሕግ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።»

ሲስማማ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ፈርሙ። በእጅ አይቀበሉት፤ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። 12,000ውን አንድ ላይ ሳይሆን ለየብቻ ያስገባ፤ በምክንያቱ ቦታ ላይ በአንዱ «የየካቲት ኪራይ»፣ በሌላው «ከታኅሣሥ ውዝፍ» ብሎ ይጻፍ። ይህ ካልሆነ ሚያዝያ ላይ የትኛው ወር እንደተከፈለ መከራከራችሁ አይቀርም።

ቢዘገይም ውኃና መብራት እቆርጣለሁ ብለው አያስፈራሩት። ጥፋተኛ የሚያደርገው እርስዎን ነው።