ቀይ ወይን ምላስ ለምን ይይዛል? ቢቆይስ ይለሰልሳል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዘዞ ነው። ወንድሜ ከውጭ ሦስት ጠርሙስ ቀይ ወይን አመጣልኝ። ሦስቱም ካበርኔ ሶቪኞን ናቸው፣ 2021 ይላል። አንዱን ከፍሪጅ አውጥቼ ለእንግዶች ከቆሎ ጋር አቀረብኩ። ሁለት ጊዜ ጎንጨት ስንል አፋችን ደረቀ፣ ምላሳችን ሻከረ። ተበላሽቶ ይሆን? ወይን ሲቆይ ይለሰልሳል ይላሉ። የቀሩትን ሁለቱን ሳሎን ቁም ሳጥኑ ላይ አቁሜ ብጠብቅ ይሻላል?»

መልስ፦ ከነገሩኝ ብቻ ወይኑ ተበላሽቷል አልልም። የተበላሸ ወይን ጠረኑ ይናገራል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ አየር ገብቶበታል። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ችግሩ ከቡሹ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጠረኑ ደህና ሆኖ አፍ ብቻ ካደረቀ ግን ያገኛችሁት ታኒን ነው። ታኒን ከወይን ፍሬው ልጣጭ፣ ከዘሩና ከእንጨታማው ጭራ የሚወጣ ነገር ነው። ወይኑ በኦክ በርሜል ከቆየ ከእንጨቱም ይገባበታል። ቀይ ወይን ከነልጣጩና ከነዘሩ ስለሚብላላ ታኒኑ ብዙ ነው። ነጭ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ጭማቂው ብቻ ተጨምቆ ስለሚብላላ ያን ያህል አይዝም። ካበርኔ ሶቪኞን ደግሞ ልጣጩ ወፍራም፣ ፍሬው ትንሽ ነው። ስለዚህ ታኒኑ ከብዙ ቀይ ወይኖች ይበልጣል።

ድርቀቱን ብዙ ሰው «መራራ» ይለዋል። መራራነት ጣዕም ነው፤ ይህ ግን የሚዳሰስ ስሜት ነው። ምራቃችን ውስጥ አፋችንን የሚያለሰልሱ ፕሮቲኖች አሉ። ታኒን እነዚህን ፕሮቲኖች ይይዝና አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ያን ጊዜ ምራቁ ማለስለሱን ይተዋል፤ ምላስ፣ ድድና ጉንጭ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። አፋችሁ ውስጥ ፈሳሽ እያለ «ደረቀ» ያላችሁት ለዚህ ነው። ጎንጨት ባላችሁ ቁጥር የባሰውም ምራቁ እንደገና ለመተካት ጊዜ ስለሚፈልግ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ከፈለጉ የእንቁላል ነጩን ብቻ ለዩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህሉን ግማሽ ብርጭቆ ወይን ውስጥ ጨምረው በደንብ ያማስሉ። ወይኑ ይደፈርሳል፤ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ታች ዝቃጭ ይታያል። ታኒኑ የእንቁላሉን ፕሮቲን ይዞ መውረዱ ነው። ጥሬ እንቁላል ስላለበት አይጠጡት። የፈረንሳይ ቦርዶ ወይን ጠማቂዎች ይህንኑ ጠባይ ለሥራ ይጠቀሙበታል። 225 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ የጥቂት እንቁላሎችን ነጭ ይጨምራሉ። ዝቃጩ ከወረደ በኋላ ከላይ ያለውን ወይን ይቀዳሉ፤ ሻካራነቱም ይቀንሳል።

አሁን ወደ እርስዎ ጠረጴዛ እንምጣ። ሁለት ነገር ወይኑን ከሚገባው በላይ አሻክሮባችኋል። የመጀመሪያው ፍሪጁ ነው። ቀይ ወይን ሲቀዘቅዝ ጠረኑ ይደበቅና ታኒኑ ብቻ ጎልቶ ይሰማል። ለእንዲህ ያለው ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል። ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ከመጠጣት በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ ያቆዩት። ሁለተኛው ቆሎው ነው። ቆሎ ደረቅ ነው፤ ታኒኑን የሚይዝለት በቂ ፕሮቲንና ስብ ስለሌለው ታኒኑ በቀጥታ ምራቃችሁ ላይ ወደቀ። የበግ ጥብስ ወይም በቅቤ የተሠራ አልጫ ቢኖር ኖሮ የታኒኑ አንድ ክፍል የሚይዘው ነገር ምግቡ ውስጥ ያገኝ ነበር። ጥቁር ሻይ ወተት ሲገባበት የሚለዝበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀይ ወጥ ግን ለዚህ ወይን አይሆንም። በርበሬው ያቃጥላል፣ አልኮሉ ያባብሰዋል፣ ታኒኑም ይጨመርበታል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው የለመደው ጣፋጭ ቀይ ወይን ነው። ስኳር የታኒንን ሻካራነት ይሸፍናል። ከዚያ ወደ ስኳር የሌለው ካበርኔ የተሻገረ ሰው ቢደነግጥ ጥፋቱ የአፉ አይደለም።

ቆይቶ መለስለሱ እውነት ነው። የሚሆነው ግን ሰው እንደሚለው «ታኒኑ ይጠፋል» አይደለም። የወይኑ አሲድ የታኒን ሰንሰለቶችን ቀስ በቀስ ይቆርጣቸዋል፤ እንደገናም በሌላ መልክ ይያያዛሉ። ትንሽ ትንሽ የሚገባ ኦክሲጅንም ታኒኑን ከወይኑ ቀይ ቀለም ጋር ያጣምረዋል። ከፊሉ ዝቃጭ ሆኖ ጠርሙሱ ታች ይቀራል። የሚቀረው ታኒን ቅርጹ ስለተለወጠ የምራቅን ፕሮቲን እንደበፊቱ አጥብቆ አይይዝም። «ታኒን ሲያድግ ከብዶ ስለሚወርድ ይለሰልሳል» የሚለው የተለመደ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ትላልቅ ሰንሰለቶች ራሳቸው ይበልጥ ሊያደርቁ ስለሚችሉ ዋናው ነገር የቅርጹ መለወጥ ነው። ለውጡ በቀለሙም ይታያል፤ ወይን ጠጁ ቀለም እየቆየ ወደ ሸክላ ይሄዳል።

ግን ሁሉም ወይን ለመቆየት አልተሠራም። ቆይቶ የሚያምረው ከታኒኑ ጋር በቂ አሲድና የፍራፍሬ ጠረን ያለው ነው። ጠረኑ ቶሎ ካለቀ ወይኑ ሻካራም ባዶም ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ መጠበቁ ጉዳት ነው። ለመገመት ይህን ያድርጉ። ከሁለቱ አንዱን ይክፈቱና ግማሹን ወዲያው ጠጡ። ሌላውን ግማሽ አየር እንዲያገኘው እዚያው በጎደለው ጠርሙስ ውስጥ ከድነው ያቆዩና በማግሥቱ ይቅመሱት። ጠረኑ አሁንም ካለ የቀረው ጠርሙስ ሁለት ሦስት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ፍራፍሬው ከጠፋ ወይም ወደ ኮምጣጤ ከሄደ ለሚመጣው በዓል ይጠጡት። ይህ ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም።

ቁም ሳጥኑን ግን እርሱት። ጎንደር በመጋቢትና በሚያዝያ ይሞቃል፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ የሳሎኑ ሙቀት ይከማቻል። ሙቀት ለውጡን ያፋጥናል፤ ግን ጠረኑንም አብሮ ያበስለዋል። ለማቆየት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ይመረጣል። ቤትዎ ያን ማግኘት ካልቻለ ከማድቤቱ የራቀውን፣ ፀሐይ የማያገኘውን ክፍል ይምረጡና ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ ያስቀምጡት። ቡሽ ካለው ያጋድሙት፤ ቆሞ ከቆየ ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል። ክዳኑ በጥምዘዛ የሚከፈት ከሆነ መቆሙ ችግር የለውም።

ከዓመታት በኋላ ሊከፍቱት ሲያስቡ ከአንድ ቀን በፊት ያቁሙት፤ ዝቃጩ ይውረድ። ሲቀዱም ጠርሙሱን ቀስ ብለው ያዘንብሉ፣ ዝቃጩ አንገቱ ጋ ሲደርስ ያቁሙ።