«የልብ ቻክራሽ ተዘግቷል» ለተባለች እህት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለጀርባዬ ሕመም ብዬ ዮጋ ጀምሬያለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ደረቴን ይጫነኛል። ይህን ለአሠልጣኟ ስነግራት «የልብ ቻክራሽ ተዘግቷል፤ አረንጓዴ ብርሃን እያሰብሽ ‹ያም› እያልሽ ደጋግሚ» አለችኝ። ቻክራ የሚሉት ምንድን ነው? ይህን ባደርግ ከእምነቴ ጋር ይጋጭብኛል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልሽ። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ኀዘን ደረት ይጫናል፣ እውነት ነው። የልብ ሕመምም ይጫናል። ሁለቱን መለየት የሚችለው የመረመረ ሐኪም ነው እንጂ ዮጋ አሠልጣኝ አይደለችም፤ እኔም አይደለሁም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቻክራ በሳንስክሪት «መንኰራኩር» ማለት ነው። የሕንድ ዮጋ መምህራን በአካላችን ውስጥ ሌላ ረቂቅ አካል አለ ይላሉ። በአከርካሪው መስመር ሱሹምና የሚባል ቦይ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ቻክራዎቹ ሎተስ እንደሚባለው የውኃ አበባ ሆነው ተደርድረዋል። ሐኪም ቀዶ ቢፈልጋቸው አያገኛቸውም። የመምህራኑ ጽሑፎች እንዲያስተውል የሚጠይቁት ዐይንን ሳይሆን የተመሰጠ አእምሮን ነው።

ዛሬ በየዮጋ ቤቱ የሚነገረው ሥርዓት በአብዛኛው የመጣው ከአንድ ጽሑፍ ነው። ፑርናናንዳ የሚባል የቤንጋል መምህር እ.ኤ.አ. በ1577 ስለ ስድስቱ ቻክራዎች ጻፈ። በካልካታ ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ውድሮፍ በ1919 ተረጎመው፤ ምዕራባውያንም በብዛት የተማሩት ከዚያ ነው። ቁጥሩ ራሱ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። አራት ብቻ የሚቆጥሩ ጥንታዊ የቡድሂስት ጽሑፎችም አሉ።

በፑርናናንዳ መንገድ ከታች እንጀምር። የመጀመሪያው ከአከርካሪ ግርጌ ነው። የምድር ነው፤ ማሽተትም የእርሱ ነው። ዛሬ አሠልጣኞች ከደኅንነት ስሜትና ከፍርሃት ጋር ያያይዙታል። ሁለተኛው ከብልት ሥር የውኃና የቅምሻ ነው፤ በዛሬው አነጋገር የፍትወትና የደስታ። እምብርት ላይ ያለው የእሳትና የማየት ነው፤ ምግብ መፍጨትንና ፈቃድን ይገዛል ይባላል። ልብ ላይ የነፋስና የመዳሰስ አለ። ጉሮሮ ላይ የጠፈርና የመስማት ነው፣ በዛሬዎቹ ደግሞ የንግግር። በቅንድቦች መካከል ያለው የአእምሮ ነው። ከራስ አናት በላይ ሺህ ቅጠል ያለው አለ፤ እርሱ ከስድስቱ አይቆጠርም፣ መድረሻቸው ነው።

የዚህ ሁሉ ዓላማ ምን እንደሆነ ካላየን ግን ነገሩ አይገባንም። ከታችኛው ቻክራ ውስጥ ኩንዳሊኒ የምትባል አምላክ ሦስት ዙር ተኩል እንደ እባብ ተጠቅልላ ተኝታለች ይላሉ። ዮጊው፣ ማለትም ዮጋን የሚለማመደው ሰው፣ በትንፋሽና ማንትራ በሚባል ተደጋጋሚ ቃል ይቀሰቅሳታል። እርሷም አንዱን ቻክራ በሌላው እያሟሟች ወደ ላይ ትወጣና ሺቫ ከሚባለው አምላክ ጋር ትዋሐዳለች። ስለዚህ መንኰራኩሮቹ የጤና መቆጣጠሪያ ቁልፎች አልነበሩም። የማረጊያ ደረጃዎች ነበሩ።

አሁን ወደ አንቺ ቻክራ እንምጣ። ስሙ አናሃታ ነው፤ «ሳይመታ የሚሰማ ድምፅ» እንደማለት። ፑርናናንዳ ዐሥራ ሁለት ቅጠሎች ያሉት ቀይ አበባ አድርጎ ይስለዋል። በመካከሉ ጭስ የመሰለ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ አለ። በዚያ ውስጥ የነፋሱ አምላክ ቫዩ በሚዳቋ ላይ ተቀምጧል። ልብ በይ፦ አበባው ቀይ ነው። አረንጓዴው ከየት መጣ? ቻክራዎቹን በቀስተ ደመና ቀለም የመደርደር ልማድ በ1970ዎቹ በአሜሪካ የተስፋፋ ነው። አሠልጣኝሽ በቅንነት የነገረችሽ «ጥንታዊ ጥበብ» ዕድሜው ከእናትሽ ያንስ ይሆናል።

በልብ ቻክራ ያሰላሰለ ምን ያገኛል ይላል ጽሑፉ? የኀዘን መጽናናት አይልም። እንደ ንግግር ጌታ ይሆናል፣ ዓለማትን መጠበቅና ማጥፋት ይችላል፣ ሲፈልግ ወደ ሌላ ሰው አካል ይገባል ይላል። በሌሎች የሳንስክሪት ጽሑፎች ደግሞ በዐሥራ ሁለቱ ቅጠሎች ላይ የልብ ዝንባሌዎች ተጽፈዋል፦ ተስፋ፣ ጭንቀት፣ «የእኔ» ማለት፣ ግብዝነት፣ ትዕቢት፣ ማስተዋል፣ ስስት፣ ማታለል፣ ጸጸት፣ ሌላም። ይህን ሳነብ የሰውን ልብ በደንብ አይተውታል ብዬ አስባለሁ። ጌታችንም «ከሰው ልብ የሚወጣ» ብሎ የዘረዘረው ዝርዝር ሩቅ አይደለም። ያዩትን በማየታቸው አንጣላቸውም። የምንለያየው በመድኃኒቱ ላይ ነው።

«ያም» ላይ ቆም እንበል፤ የጥያቄሽ እምብርት እዚህ ነው። ብዙ አሠልጣኞች «ድምፅ ብቻ ነው፣ ደረትሽን ያንቀጠቅጣል» ይላሉ። በጽሑፉ ግን «ያም» የቫዩ ቢጃ ነው፤ ቢጃ ማለት ዘር ማለት ነው። የታችኛው «ላም» የኢንድራ፣ የሁለተኛው «ቫም» የቫሩና፣ የእምብርቱ «ራም» የእሳቱ አምላክ የአግኒ። በእነርሱ ትምህርት ዘሩና አምላኩ አይለያዩም፤ ዘሩን መጥራት አምላኩን መጥራት ነው። ሂንዱ ጎረቤትሽ ይህን በእምነት ቢያደርግ እናከብረዋለን። አንቺ ግን ተጠምቀሻል። ከመቅደስ በልተሻል። ሌላ አምላክ በስሙ አትጠሪም፤ ትርጉሙን ሳታውቂ ብለሽው ከሆነ በደሉን በንስሐ አባትሽ ፊት ተናገሪ፣ ራስሽን አታስጨንቂ።

ጀርባሽን መዘርጋቱስ? ጅማት መሳብና አቀማመጥ ማስተካከል በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሐኪምሽ ከፈቀደ ተመሳሳዩን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማግኘት ትችያለሽ። እዚያው ከቀጠልሽ ግን መስመሩ የት እንዳለ እወቂ። ማንትራ ሲጀመር፣ እጅ አጋጥሞ ለአማልክቶቻቸው ሥዕል ወይም ምስል መስገድ ሲመጣ፣ «ኩንዳሊኒሽን እናስነሣ» ሲባል፣ ቻክራ ለመክፈት የተለየ ክፍያ ሲጠየቅ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ስፖርት መሆኑ አብቅቷል። ትንፋሽ አብዝቶ መያዝም ራስ ያዞራል፤ ያን መንፈሳዊ ምልክት ነው ብለው ቢነግሩሽ አትቀበያቸው።

ስለ ኀዘንሽ ደግሞ። በቤተ ክርስቲያናችን ኀዘን የተዘጋ ነገር ተብሎ አይታይም። ጊዜ የተሰጠው ነገር ነው፦ ፍትሐት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። የእናትሽ አርባ አልፎ ከሆነና ስደት ላይ ሆነሽ ሳታደርጊው ቀርቶ ከሆነ፣ አሁንም ለአጥቢያሽ ካህን ንገሪና በቅዳሴ ስሟ ይታሰብ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት መቁጠሪያሽን ይዘሽ አርባ አንድ ጊዜ «ኪርያላይሶን» በይ፣ ጉልበትሽ ከቻለ በስግደት። እንባ ቢመጣ አትያዢው። ትንፋሽሽን መቁጠር አያስፈልግሽም፤ ወደ ላይ የምታነሺው ኃይልም የለም፤ ልብሽ እስካለበት ድረስ የሚወርደው ጌታ ራሱ ነው።