የምሳ ደንበኛ ከአንድ ፎቅ ይጀምራል

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ከቤቴ የጾም ምሳ እየሠራሁ ለቢሮ ሠራተኞች ማድረስ ልጀምር ነው። ለማስታወቂያ የሚሆን ብር የለኝም። የቴሌግራም ቻናል ከፍቻለሁ፣ ግን ያሉት ጓደኞቼ ብቻ ናቸው። ልምድ ያላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች ከየት አገኛችኋቸው?»

እህቴ፣ እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው፤ ሰንጋ ተራና ለገሃር አካባቢ። ቻናሉን ለጊዜው ተዪውና አንድ ሕንፃ ምረጪ። ከሕንፃውም አንድ ፎቅ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የቢሮ ሰው ሁሉ የሚበላው በተመሳሳይ ሰዓት ነው። አሥር ምሳ ለአሥር ሕንፃ ካለሽ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ጋ ልትደርሺ አትችይም። የምሳ ሰዓት ሊፍት ወረፋ ብቻውን ጊዜሽን ይበላዋል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ወሬው ነው። በየሕንፃው የተበተነ ደንበኛ አጠገቡ የሚነግረው ሰው የለውም። አሥሩ አንድ ፎቅ ላይ ከሆኑ ግን አንዱ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ሌላው ያያል፣ ይሸተዋል፣ «ከየት ነው?» ይላል።

ወደዚያ ፎቅ የሚያስገባሽ አንድ ሰው ነው። ከዕድርሽ፣ ከዕቁብሽ ወይም ከጎረቤትሽ ቢሮ የሚሠራ አታጪም። እኔ የጀመርኩት በዕድራችን አባል በኩል ነው። አንድ ባንክ ያለበት ሕንፃ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ምሳውን በነፃ እንዳትሰጪ። በነፃ የበላ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «በጣም ይጣፍጣል» ከማለት ሌላ አይናገርም። የአንቺዋም ሙሉ ዋጋውን ከፍላ ትብላ። በሚቀጥለው የጾም ቀን ብር አውጥታ ደግማ ካዘዘች፣ መልሱ እሱ ነው።

ነገር ግን አንድ እንጀራ ጨምሪላት፤ ወጡንም ትንሽ ከፍ አድርጊው። ቢሮ ውስጥ «እንብላ» ሳይባል አይበላም። ምግቡ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሰው «እንብላ» ለማለት ይሳቀቃል። ከተረፈ ግን አጠገቧ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ጉርሻ ይቀምሳሉ። የእኔ ሁለተኛና ሦስተኛ ደንበኞች የመጡት ከዚያው ጠረጴዛ ነው። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነበር የሚያዙት። ቀስ እያሉ የፎቁ ልጆች ሁሉ ትዕዛዛቸውን ለሒሳብ ሠራተኛዋ መንገር ጀመሩ፤ እሷም በአንድ መልእክት ትልክልኛለች።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትዕዛዝ የምትሰበስበው ሰው ደክማለችና ሊታሰብላት ይገባል። ግን በድብቅ ኮሚሽን እንዳትሰጪ። አንድ ቀን ባልደረቦቿ ቢሰሙ «ለካ በእኛ ትበላለች» ይላሉ፤ እሷም ታፍራለች፣ አንቺም ፎቁን ታጫለሽ። እኔ ለሁሉም በግልጽ ነው የተናገርኩት፦ አሥር ሲሞላ አሥራ አንደኛው ምሳ የሰብሳቢዋ ነው። ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አይከፋውም። እንዲያውም ዘጠኝ ላይ ሲቆም «አንድ ሰው ጨምሩ» እየተባባሉ ይሞሉታል።

አዲስ ሰው ባዘዘ ቁጥር «ማን ነገረዎት?» ብለሽ ጠይቂ። ደብተር ላይ ስሙን፣ የነገረውን ሰውና ያዘዘበትን ቀን ጻፊ። በየሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን እዪው። የምሳው ብዛት ሳይቀንስ ስሞቹ በየሳምንቱ አዲስ ከሆኑ፣ የቀድሞዎቹ እየሄዱ ነው ማለት ነው። ይህን በብሩ ብቻ አታውቂውም። እኔ እንዳየሁት ሰው ለሌላ ሰው በደንብ የሚናገረው ሦስተኛ ጊዜ ከበላ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት «ነገ ቢበላሽብኝስ» ብሎ ይፈራል፤ የሚነግረው በራሱ ስም ነውና።

ስለዚህ የጠፋ ሰው ካለ ደውለሽ በትሕትና ጠይቂው። ብዙ ጊዜ መልሱ ጣዕሙ አይደለም። ወጡ እንጀራው ላይ ፈስሶ መንገድ ላይ ይርሳል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሲከፈት ሊጥ ይመስላል። ሽሮው ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ሰላጣው ከትኩስ ወጥ ጋር ታሽጎ ይጠወልጋል። እንጀራውን ለብቻ ጠቅልለሽ፣ ወጡን ለብቻ፣ ሰላጣውንም ለብቻ አድርጊ። ሽሮውን ቤት ከምትበይው ትንሽ አቅጥኚው።

አሁን ወደ ቻናሉ እንምጣ። ቻናሉ ደንበኛ አያመጣልሽም። ስምሽን ከሰው የሰማ ሰው ገብቶ የሚያረጋግጥበት ቦታ ነው። ስለዚህ አናቱ ላይ አንድ ጽሑፍ ፒን አድርጊ፦ ምን እንደምትሠሪ፣ ዋጋው፣ የት ድረስ እንደምታደርሺ፣ ትዕዛዝ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ስልክሽ፣ በቴሌብር እንደሚከፈል። ቻናል ላይ ሰው እንደ ግሩፕ መልሶ ሊጽፍልሽ ስለማይችል ስልኩና የቴሌግራም ስምሽ የግድ ይኑር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» እንዳትዪ። የቢሮ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ የለውም፤ ዋጋ የተደበቀበትን ውድ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የነገውን ምሳ ለጥፊ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትዕዛዝ ዝጊ። ፎቶው ከኢንተርኔት የወረደ አይሁን፤ አንቺ የሠራሽው፣ በዚያው በምትልኪበት ምሳ ዕቃ ውስጥ ያለው ይሁን። ደንበኞችሽ ወደ ቢሯቸው ግሩፕ ሲልኩት ፎርዋርድ እንዲያደርጉት ንገሪያቸው። ፎርዋርድ የተደረገ ጽሑፍ የቻናልሽን ስም ይዞ ይሄዳል፤ የነካው ሰው ቀጥታ ቻናሉ ውስጥ ይገባል። ስክሪንሹት ግን ፎቶ ብቻ ነው። ሰውን ሳያስፈቅዱ ቻናል ውስጥ መጨመሩንም ተዪው። ቁጥሩ ያምራል እንጂ ምሳ አይገዛም።

ስለ ቀን መቁጠሪያው ደግሞ አስቀድመሽ አስቢ። ዐቢይ ጾም በየቀኑ ትዕዛዝ ስለሚኖር ለመጀመር ጥሩ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በጾም ምግብ ብቻ የቆመ ሥራ ያኔ ቀጥ ይላል። በረመዳንም የሙስሊም ደንበኞችሽ ምሳ አያዙም። የጾም ምግብ የሁሉም እምነት ሰው አንድ ላይ የሚበላው ስለሆነ ትልቅ ጥቅም አለው። ቢሆንም በበዓለ ሃምሳ የምታቀርቢውን ከወዲሁ ለምጂ፤ እንቁላል ፍርፍር ወይም ፓስታ ሊሆን ይችላል።

ዱቤን በተመለከተ ጠንከር በዪ። ወሩ መጨረሻ ላይ ደመወዝ ሲያልቅ «ያዢልኝ» የሚል ይበዛል። ዱቤ ያለበት ሰው ሲያይሽ ይሸሻል፤ ከዚያ ማዘዝ ያቆማል። ብርሽም ደንበኛሽም አብረው ይሄዳሉ። እኔ ለመደበኛ ደንበኞቼ ደመወዝ በገባ ሰሞን የስምንት ምሳ ክፍያ በቅድሚያ እቀበላለሁ፤ የአራት ሳምንት ረቡዕና ዓርብ ማለት ነው። ያልበሉበትን ቀን ወደሚቀጥለው ወር አዛውርላቸዋለሁ። ይህን ስጀምር የወር መጨረሻው መቀዛቀዝ በጣም ቀለለኝ።

ሁለተኛ ሕንፃ የምትጨምሪው የመጀመሪያው ፎቅ ያለ አንቺ ውትወታ ሲያዝ ነው። እሱም ከመጀመሪያው በእግር የሚደረስ ይሁን። አንድ ቀን ቢሮው ራሱ ለስብሰባ ምሳ ሊያዝሽ ይችላል። ያኔ የሚጠይቁሽ ደረሰኝ ነው፤ ያለ ንግድ ፈቃድ ደግሞ ደረሰኝ የለም። የንግድ ፈቃዱን ጉዳይ ያ ትዕዛዝ ከመምጣቱ በፊት ወረዳሽ ሄደሽ ጠይቂ።