የናሩቶ ታሪክ ከክፍል 135 በኋላ ለምን ቆመ?

«ናሩቶን እያየሁ ክፍል 150 ደርሻለሁ። ሳሱኬ ከሄደ ወዲህ ታሪኩ አልንቀሳቀስ አለኝ። ሁሌ አዲስ ተልእኮ፣ ሁሌ የማላውቀው ሰው። ፊለር ነው ወይስ ፋይሉ ተደባልቆብኝ ነው? የቱን ልዝለል?»

ፋይልህ ደህና ነው። «ሳሱኬ ከሄደ ወዲህ» ስትል ነው የገባኝ፣ 135ን አልፈሃል። ከዚያ እስከ 219 ያለው ከሞላ ጎደል ፊለር ነው፣ አኒሜው በተሠራበት የጃፓን ኮሚክ፣ ማለትም ማንጋው ላይ የለም።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ለማጣራት ብለህ የክፍሎችን ርዕስ ዝርዝር እንዳትከፍት። ከ220 በኋላ የሚቀጥለው የሺፑደን ርዕሶች ማን እንደሚሞት ሳይቀር ይናገራሉ። ቁጥሩን ብቻ ያዝ።

አሁን ያለህበትን እንይ። ናሩቶ ከሂናታ፣ ከኪባና ከሺኖ ጋር ሽታ ተከትሎ ሳሱኬን የሚያገኝ ነፍሳት ሊፈልግ ወጥቷል። ነፍሳቱ በትክክል ቢሠራ ሳሱኬ ይገኛል፣ ዋናው ታሪክም ይበላሻል። ስለዚህ ገና ሳይጀምሩ ተልእኮው መክሸፍ አለበት። ፊለርን የምለየው በዚህ ነው፦ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል፣ እንግዳው ሰው ተሰናብቶ ይሄዳል፣ በኋላም ስሙን የሚያነሳ የለም። ካነን ላይ፣ ማለትም ከማንጋው በመጣው ታሪክ ላይ ግን የተሰበረ ነገር እንደተሰበረ ይቀራል።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ማንጋው በሳምንት አንድ ምዕራፍ ነው የሚወጣው፣ ሃያ ገጽ ገደማ። አንድ የአኒሜ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ምዕራፍ በላይ ይበላል። ማንጋው በ1999 ተጀምሮ አኒሜው በ2002 ቢከተለውም በ2005 ደረሰበት፣ ልክ የታሪኩ የመጀመሪያ ዙር ተዘግቶ ደራሲው ሁለተኛውን ዙር በሚጀምርበት ሰዓት። ስቱዲዮው ቢያቆም የሳምንቱን የቴሌቪዥን ሰዓቱን ያጣል፣ ቢያዘግም አንድ ፍልሚያ ወር ይፈጃል። ስለዚህ የራሱን ታሪክ እየፈጠረ እስከ የካቲት 2007 ድረስ ገፋ፣ ማንጋው እስኪጠራቀም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ደራሲው ዕጣውን ገና ያልሳለውን ሰው ደግሞ ስቱዲዮው መግደልም፣ አዲስ ኃይል መስጠትም አይችልም። የተበደረውን ሰው እንደነበረ መመለስ አለበት። ነገሩ ሁሉ ውሃ ውሃ የሚልህ ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ደቂቃ ለመሙላት ያንኑ የድሮ ትዝታ ደጋግመው ይለጥፉበታል፣ ይሄ በጣም ያበሳጨኛል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ 141ን ተመለስና እየው፣ ሳኩራ ሱናዴን አስተምሪኝ የምትላት እዚያ ነው። ከዚያ ቀጥታ 220። «ፊለር የወጣለት» ተብሎ የሚዞር ፎልደር ካገኘህ እነዚህ ሁለቱ መኖራቸውን አረጋግጥ። ብዙዎቹ 135 ላይ ቆርጠው ሺፑደንን ይቀጥላሉ፣ ከዚያ ሰዉ ሳኩራ መቼ ተማረች እያለ ይጠይቃል።

ፊለር ሁሉ ይጣል አልልም። ከካካሺ ማስክ ስር ያለውን ለማየት የሚሯሯጡበት 101 ፊለር ነው፣ ካላየኸው እየው።

ሺፑደን ላይ የመጀመሪያው ረጅሙ ፊለር ከ57 እስከ 71 ነው። እዚያ ስትደርስም ቁጥሩን ብቻ ተከተል፣ ርዕስና ኮሜንት አታንብብ፣ ከ72 በኋላ የሚመጣውን ሳታውቅ ነው ማየት ያለብህ።