«ሶን» እና «ሳ» የባለቤቱን ጾታ አይናገሩም

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። ፈረንሳይኛ ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። ስለ ወንድሜ ሳወራ «የእሱ» ለማለት ሶን፣ ስለ እህቴ ሳወራ «የእሷ» ለማለት ሳ እላለሁ። መምህሬ ግን ግማሹን ትሰርዝብኛለች። የወንድ ሆኖ ለምን ሳ ይሆናል? ለሴት ጓደኛ ደግሞ ሶን አሚ ይባላል አሉኝ። ግራ ገባኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ያሳሳተሽ አማርኛችን ነው። እኔም ሊዮን ከተማ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት እንዳንቺው ነበርኩ።

በአማርኛ «መኪናዋ» ስንል የምናየው መኪናውን ሳይሆን ባለመኪናዋን ነው። እሷ ስለሆነች «ዋ»፣ እሱ ከሆነ «መኪናው»። ፈረንሳይኛ ባለቤቱን ዞር ብሎም አያይም። የሚያየው ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ነው። ቯቱር (መኪና) በእነሱ ቋንቋ ሴት ስለሆነች የእሱም መኪና «ሳ ቯቱር»፣ የእሷም መኪና «ሳ ቯቱር» ነው። እናት ሴት ናት፤ ስለዚህ የወንድምሽም እናት «ሳ ሜር» ናት። ባል ወንድ ነው፤ የእህትሽ ባል «ሶን ማሪ» ነው። መምህርሽ የምትሰርዘው ግማሽ የባለቤቱና የስሙ ጾታ የተለያየበት ነው። ሌላው ግማሽ ትክክል የሆነው በአጋጣሚ ነው።

እኔ ይህ የገባኝ በአንድ መኪና ነው። የምኖርበት ሕንፃ በር ላይ መኪና ቆሞ መንገድ ዘጋ። ጠባቂው መጥቶ የማን ነው አለኝ። ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት እዚያው ቆመዋል፣ እያንዳንዳቸው መኪና አላቸው። እኔ የሚስቲቱ ነው ለማለት «ሴ ሳ ቯቱር» አልኩት። «ሳ» ስላልኩ የእሷ መሆኑን የተናገርኩ መስሎኛል። እሱ ቀጥ ብሎ ባልየው ጋ ሄደና አንሳ አለው። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሬ የማን እንደሆነ አልተናገረም። ለመለየት ሲፈለግ ፈረንሳዮች መጨረሻው ላይ ይጨምራሉ፦ «ሳ ቯቱር ኣ ኤል» የእሷ፣ «ሳ ቯቱር ኣ ሉዊ» የእሱ።

አሁን ወደ «ሶን አሚ» እንምጣ። ሴት ስም በአናባቢ ድምፅ ሲጀምር «ሳ» ቦታውን ለ«ሶን» ይለቃል። «ሳ አሚ» ሲባል ሁለት አናባቢ ይጋጫል። በ«ሶን» ግን «ነ» ከቀጣዩ ጋር ተያይዞ «ሶናሚ» ይሆናል። በድሮ ፈረንሳይኛ መፍትሔው ሌላ ነበር፤ «ማ አሚ» (ጓደኛዬ) የሚለውን አጥፈው «ማሚ» ይሉት ነበር። በኋላ ነው የወንዱን መልክ መዋስ የተለመደው። ጓደኛዋ ግን ሴትነቷን አልተወችም፤ የተለወጠው ከፊቷ ያለው ቃል ብቻ ነው።

ልብ በይ፣ ወሳኙ ወዲያው የሚከተለው ድምፅ ነው። ትምህርት ቤት ሴት ነው፤ «ሶን ኤኮል» ትያለሽ። አዲስ የሚለውን መሃል ስታስገቢ «ሳ ኑቬል ኤኮል» ይሆናል፣ «ኑ» በተነባቢ ይጀምራልና። የቀድሞ ስትይ ደግሞ ተመልሶ «ሶን አንሲየን ኤኮል»። ቃሉ በማይነበበው «አሽ» ፊደል ሲጀምርም አብዛኛው እንደ አናባቢ ይቆጠራል፤ «ሶን ኢስቷር» (ታሪኩ) እንላለን። ጥቂቶቹ ግን እምቢ ይላሉ፤ «ሳ ኦንት» (ሐፍረቱ) አንዱ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም።

«ይህ»ና «ይህች» በሚሉት አመልካቾች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይታያል፣ እኔ በጣም የምወደው ቦታ ይሄ ነው። ለወንድ «ስ»፣ ለሴት «ሴት» ነው (የአማርኛዋን ሴት እንዳታስቢ)። ግጭቱ እዚህ የሚመጣው ወንዱ ላይ ነው። «ስ ኦም» (ይህ ሰው) አይመችም፣ ስለዚህ «ሴት ኦም» ይባላል። ይህ የወንዱ «ሴት» ከሴቷ ጋር በድምፅ አንድ ነው፤ ሲጻፍ ግን የሴቷ መጨረሻ ላይ ሁለት ፊደል ይጨመራል። በአገናዛቢው በ«ሶን»ና «ሳ» ሴቷ የወንዱን ትዋሳለች፣ በአመልካቹ ወንዱ የሴቷን ድምፅ ይይዛል። ምክንያቱ በሁለቱም አንድ ነው፣ አናባቢ እንዳይጋጭ።

ለብዙ ቁጥር ጾታ ይቀራል፤ አገናዛቢውም አመልካቹም ሲነገሩ «ሴ» ናቸው። ስትጽፊ ከተምታታብሽ ወደ ነጠላ መልሺው። «ሶን» ወይም «ሳ» ከመጣልሽ በ«ኤስ» ጻፊው፣ «ስ» ወይም «ሴት» ከመጣልሽ በ«ሴ» ፊደል።

የጠቀመኝን ልንገርሽ። በአናባቢ የሚጀምርን ስም ከ«ሶን» ወይም ከ«ሴት» ጋር አትሸምድጂ፣ ጾታውን ይደብቁብሻል። «ሌኮል» ብትይም ያው ነው። «ዩን ኤኮል» ብለሽ ያዢው። «ዩን» ከአናባቢ ፊትም ሴትነቱን ያሰማሻል፤ ያኔ «ኑቬል» ስትጨምሪ «ሳ» መሆኑ አያደናግርሽም።